ከበሮው የት ገባ?

«ሙዚቃውን ተወውና ስልኩን ቶሎ ያንሱ» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ በደንበኞች የስልክ መስመር ላይ ስለሚሰማው ሙዚቃ ልጽፍ መሆኑን ስነግረው።

ቢያነሱማ ማን ይጠላል። ባለፈው ወር የገንዘብ መክፈያ ማሽን ካርዴን ዋጠብኝና ወደ ባንኩ ደወልሁ፤ 12 ደቂቃ ጠበቅሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተጫወተልኝ ባንኩ በሬዲዮ የሚያስነግረው የ30 ሰከንድ የማስታወቂያ ዜማ ነው። 24 ጊዜ ሰማሁት ማለት ነው። በሬዲዮ ስሰማው ደስ የሚለኝ ዜማ ነበር። ከበሮው በወፍራሙ ይመታል፣ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ይከተላል፣ ሦስት ሴቶች ተቀባብለው የባንኩን ስም ያዜማሉ። በስልኬ ግን ከበሮው ጠረጴዛ በጥፍር እንደሚቆረቁር ሰው ሆኖ መጣ፤ ቤዙ ጭራሽ የለም፤ ሴቶቹም ውሃ ውስጥ ሆነው የሚዘፍኑ ይመስላሉ።

የዜማው ደራሲ አላጠፋም። ድምፅ በወፈረ ቁጥር ኸርዙ ያንሳል፣ በቀጠነ ቁጥር ይጨምራል። ኤፍ ኤም ሬዲዮ እስከ 15000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ያሳልፋል። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ግን ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ ሰው የሚናገረውን ለመለየት ይህ ይበቃልና። የከበሮው ወፍራም ድምፅ ከ300 በታች ስለሆነ በር ላይ ይቀራል። የሚያልፈው መዳፍ ቆዳውን ሲነካ የሚሰማው ቀጭን ኳኳታ ነው። አዳዲስ ስልኮች ከዚህ የሰፋ ድምፅ መቀበል ቢችሉም፣ የድርጅቱ የጥሪ ማዕከል በጠባቡ መስመር እስከሠራ ድረስ ምንም አይጠቅሙም።

ሞባይል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ድምፁን እንዳለ አይልከውም። በ20 ሚሊሰከንድ ይከፋፍለውና እያንዳንዱን ቁራጭ የሰው ጉሮሮና አፍ እንዳወጣው ቆጥሮ ይተነትነዋል፤ የሚልከውም የትንታኔውን ውጤት ነው። ተቀባዩ ስልክ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ድምፁን እንደገና ይሠራዋል። ለአንድ ተናጋሪ ግሩም ዘዴ ነው። ሦስት ሴቶች፣ ኪቦርድና ሳክስፎን ባንድ ላይ ሲመጡበት ግን የማንን ጉሮሮ ይምሰል? ያ የውሃ ውስጥ ድምፅ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ ማንም በማይናገርበት ጊዜ ማስተላለፉን የሚገታ አሠራር አለ፤ ለስላሳ ሆኖ የሚረዝም የኪቦርድ ድምፅ ሲገጥመው የክፍል ጫጫታ መስሎት ይቆርጠዋል። ሙዚቃው አንዴ ጠፍቶ አንዴ ብቅ ሲል ብዙዎቻችን ኔትወርኩን እንረግማለን።

ስልክ ለሚጠብቅ ሰው ሙዚቃ ማሰማት ሲጀመርም በአጋጣሚ ነው። በአሜሪካ አልፍሬድ ሌቪ የተባለ የፋብሪካ ባለቤት፣ አንድ የስልክ ሽቦ የሕንፃውን ብረት ነክቶ የጎረቤት ሬዲዮ ጣቢያ ሙዚቃ በመስመሩ ይሰማ እንደነበር ደረሰበት። በ1962 የፈጠራ መብት ጠየቀበት፣ በ1966 ተሰጠው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ይኸው እኛም ዛሬ የሬዲዮውን ሙዚቃ በስልክ ሽቦ ላይ እንዳለ እየጫንን ነው።

እኔ የምለው፣ ባንኩ ያንኑ የማስታወቂያ ዜማ ለስልኩ በማሲንቆ ያስቀርጸው። ይህን የምለው ለባህል ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ እንደ ተናጋሪ ሰው አንድ ዜማ ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ድምፁም ለሰው ድምፅ የቀረበ ነው። ለጉሮሮ የተሠራው ዘዴ እሱን ለመተንተን ብዙም አይቸገርም። ዋሽንትም ይሆናል። በገናን ግን ለቤተ ክርስቲያን እንተወው፤ ወፍራሙ ድምፁ ከ300 በታች ነው። ቅኝቱም ይታሰብበት። ካርዱ ለተዋጠበት ሰው ትዝታ ማጫወት ግፍ ነው።

ቀረጻው ከ30 ሰከንድ ይርዘም፤ አራት አምስት ደቂቃ ቢሆን መልካም ነው። የድምፁ መጠንም ከፍ ዝቅ ሳይል አንድ ወጥ ይሁን፣ ያለዚያ ዝቅ ያለው ክፍል ይቆረጣል።

በየ20 ሰከንዱ ሙዚቃውን አቋርጦ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው ድምፅ ግን ከሁሉ ይብሳል። ሙዚቃው ቀጥ ባለ ቁጥር ሠራተኛ ያነሳ መስሎኝ «አቤት!» እላለሁ፤ መልሶ ከበሮው ይቆረቁርልኛል። ከዚያ ይልቅ በየሁለት ደቂቃው ስንተኛ ተራ ላይ እንዳለሁ ቢነግሩኝ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሥራዬን እሠራ ነበር።

የባንኩ ሰዎች ዜማውን የሚያጸድቁት በስብሰባ አዳራሽ፣ በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ሰምተውት ይመስለኛል። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ኃላፊ ከታክሲ ውስጥ ሆኖ በርካሽ ስልክ ወደ ራሱ ባንክ ይደውልና እንደ እኛው ተራውን ይጠብቅ። ዜማው ሲያልቅ የባንኩን ስም መለየት ከቻለ ቀረጻው ደኅና ነው፤ ካልቻለ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ይፈልግ።