በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል

ሰኔ ሲገባ ጎጃም ውስጥ ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። ገበሬው ማሳውን ይደጋግማል፣ አለቃው ደግሞ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይሞላል። ገበሬው ቢያንስ መሬቱን አይቶ ነው።

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ የሆነ ወዳጄ የተሞላለትን ቅጽ አሳየኝ። የስድስት ወር ሥራው በአንድ መስመር አልቋል። «ሠራተኛው በአብዛኛው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ሆኖም መሻሻል ያለበትን ማሻሻል ይጠበቅበታል።» እውነቴን ነው፣ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ዋሸራና ጎንጅ ስንት ዓመት ቆሎ እየቆረጠመ፣ ከውሻ እየታገለ ቅኔ የሚማር ሰው አለ። የእኛ አለቃ ሳይማር ተቀኘ። ሰሙ ምስጋና ነው። ወርቁ «ስድስት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ እንደነበር አላውቅም» ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሊቅም አለ። ስሙን አልጠራም፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ አንድ አንድ ስላለ። እኚህ ሰው ሥራቸውን የሚሠሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሰዓት አክባሪ፣ ሥራ ወዳድ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተግባቢ፣ ለተሰጠው ሥራ ታማኝ ነው።» ዓረፍተ ነገሩን ያወረሷቸው ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ ናቸው፣ እንደ ርስት። በሥራቸው ላሉት 14 ሠራተኞች በሙሉ እየገለበጡ ለጠፉት። ወሊድ ላይ ያለችው ልጅም ሰዓት አክባሪ ተባለች። ልክ ናቸው፣ ሕፃኑ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሲቀሰቅሳት አንድ ቀን አላረፈደችም። «ከባልደረቦቹ» መባሏን ደግሞ ማንም ልብ አላለውም። ጥር ላይ ወደ ቡሬ የተዛወረው ልጅ ተግባቢ ተባለ። ይሄም ልክ ነው፣ ከሄደ ወዲህ ከማንም ጋር አልተጣላም። መኪናው ከታኅሣሥ ጀምሮ ጋራዥ የቆመበት ሾፌር ለተሰጠው ሥራ ታማኝ ሆነ፤ የተሰጠው ሥራ ስላልነበረ ማጉደል አይችልም። ቅጽ ሲያባዙ አንድ ተርፎ ኖሮ እሱንም ሞሉት። የስም ቦታው ባዶ ነው፣ ነጥቡ ግን 4.2። ያ ባዶ ቦታ ዘንድሮ ለደረጃ ዕድገት ቢወዳደር ማንም አይቀድመውም፤ ቅሬታ የለበትም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሻይ ብሎ አይወጣም። በመጨረሻ የራሳቸውን ምዘና በዚያው ዓረፍተ ነገር ሞልተው ወደ በላይ ላኩት። የበላዩም ሳያነቡ ፈረሙበት።

በጣም ጎበዙንና በጣም ሰነፉን መመዘን እኮ ቀላል ነው። ጥበቡ የሚታየው እንደ ወዳጄ ያለው መካከለኛ ሠራተኛ ላይ ነው፣ አንዱ ሥራው የሚያስመሰግን ሌላው የሚያስወቅስ። ከጥር እስከ ሰኔ 22 የግዥ ጥያቄ መጣለት። 19ኙን በጊዜ ገደባቸው ጨረሰ፣ ሦስቱ ድጋሚ ጨረታ ወጥቶባቸው ዘገዩ። በሰነድ ጉድለት የተመለሰበት ጨረታ የለም። ወርኃዊ ሪፖርት ላይ ግን ደካማ ነው። ወር በገባ በ5ኛው ቀን መድረስ ካለባቸው ስድስት ሪፖርቶች አራቱ አርፍደዋል።

አለቃው ይህን ሁሉ ወስደው 3.5 አደረጉት። የግዥው ጥራት 5፣ የሪፖርቱ ጊዜ 2፣ ደምረህ ለሁለት። እንግዲህ ይህን ነጥብ የሚያነብ ሰው ወዳጄ በሁሉም ነገር እንዲህ እንዲህ የሚል ልጅ ይመስለዋል። ግዥ ላይ የሚተካው እንደሌለ አያውቅም፣ ሪፖርት ላይ መያዝ እንዳለበትም አያውቅም። ለየሥራው ለየብቻ ነጥብና ማስረጃ ቢጻፍ ኖሮ ድምሩ ምንም ቢሆን አያሳስትም ነበር። በዚያ ላይ የአለቃው ትዝታ ከሰኔ አያልፍም። ከጥር እስከ ግንቦት የሆነው ጠፍቷቸው፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ከአንድ ስብሰባ የቀረበት ቀን ብቻ ነው ዓይናቸው ላይ የቆመው።

«ጋሼ፣ መሻሻል ያለበት የቱ ነው?» አላቸው።

«አንተው ታውቀዋለህ» አሉት። ይሄንንም ቅጹ ላይ ቢጽፉት ሙሉ ይሆን ነበር።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ሪፖርቶቹ ለምን እንደዘገዩ ቀድሞ ይጠይቃል። ሁለቱ የዘገዩት ከፋይናንስ የክፍያ መረጃ ስላልመጣ ነው፣ ወዳጄም በወቅቱ በማስታወሻ ጠይቋል፣ ግልባጩ አለ። እነዚያ የእሱ ዕዳ አይደሉም። የየካቲቱና የግንቦቱ ግን የራሱ ናቸው፣ እሱም አይክድም። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ ነበር፦

«ከ22 የግዥ ጥያቄዎች 19ኙን በጊዜ ገደባቸው አጠናቋል፤ ሦስቱ በድጋሚ ጨረታ ዘግይተዋል። በሰነድ ጉድለት የተመለሰ ጨረታ የለም። ከስድስት ወርኃዊ ሪፖርቶች አራቱ ዘግይተዋል። ሁለቱ ከፋይናንስ መረጃ ባለመድረሱ ነው፣ በጽሑፍ ጠይቋል። የየካቲትና የግንቦት ሪፖርቶች የዘገዩት ግን በራሱ ምክንያት ነው፤ የግንቦቱ የክፍሉን ሪፖርት በአንድ ሳምንት አዘግይቷል። ከሐምሌ ጀምሮ ረቂቁን ወር በገባ በ3ኛው ቀን ለኃላፊው ያቀርባል።»

አንድም ቅጽል የለበትም። ታታሪ አላለውም፣ ሰነፍም አላለውም። ሥራውን ቆጥሮ ነገረው፣ የዘገየው ምን እንዳስከተለ ነገረው፣ ከእንግዲህ ምን እንደሚጠበቅ ነገረው። ሰውየው አልስማማም ካለም የሚከራከርበት ነገር አለው፤ የግንቦቱ የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ወረቀቱን ያመጣል።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። አንዲት የማውቃት ባለሙያ ቅጿ ላይ «ግዴለሽነት ይታይባታል» ተብሎ ተጻፈ። ሦስት ቃል አይሞላም። የዕድገት ኮሚቴው አነበበው፣ ዕድገቱ ለሌላ ሰው ሄደ። ቅሬታ ብታቀርብ ግዴለሽ አለመሆንሽን አስረጂ አሏት። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሥራ፣ ማን ተጎዳ ብሎ አለቃዋን የጠየቀ አንድ ሰው የለም! ሰው እንዴት አድርጎ ነው ቀንና ቦታ ለሌለው ክስ መልስ የሚሰጠው? ይሄ ማኅተም ያረፈበት ሐሜት ነው። ልጆች የምታሳድግ ሴት እንጀራ ላይ ተጫውተው ሲያበቁ ደግሞ «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ይስተካከላል» ይሏታል። ምኑ ነው የሚስተካከለው? ምን እንዳጠፋች እስካሁን አልተነገራትም እኮ።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። አለቆቻችን «የስድስት ወር ነገር ማን ያስታውሳል፣ የሠራተኛው ብዛት፣ የስብሰባው ብዛት» ይላሉ። እውነት ነው፣ ማንም አያስታውስም። ለዚህ ነው ነገሩ በሆነ ቀን፣ ሁለት መስመር፣ ጥሩውም መጥፎውም ከነቀኑ የሚጻፈው። ሰኔ ላይ ተቀምጦ ጥርን ማስታወስ አይቻልም፣ ያኔ የሚመጣው ፈጠራ ነው። ደብተር ቸገረን እንዳይሉ ደግሞ በየሥልጠናው የሚታደለው ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛቸው ላይ ተቆልሏል።

የእኚያን የ14ቱን አለቃ ደብተር ደግሞ በአጋጣሚ ተገልጦ አይቼዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ዕቁብ የሚጽፉት እርሳቸው ናቸው። ማን በስንት ቀን ከፈለ፣ ማን ስንት ብር አጎደለ፣ ማን በማን በኩል ላከ፣ ማን አስፈቅዶ ዘገየ፣ ማን ሳያስፈቅድ፣ ሁሉም በቀኑ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተለይቶ ሰፍሯል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ዕቁብተኛው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል አንድ መስመር አላገኘሁም።