ማስተካከያ፦ የከሰሉ ጥያቄ መልስ

«የከሰል አቅርቦት ቀንሶ ዋጋው ሲጨምር የፍላጎት ኩርባው ወደ ግራ ይሸሻል ያሉን ለምንድን ነው?»

የካ አባዶ ለምታጠኑ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሰጠሁት ያ መልስ ስሕተት ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወደ ግራ የሚሸሸው የአቅርቦት ኩርባው ነው፤ ገዢዋ ግን፣ ለምሳሌ አንዱ ማዳበሪያ ከሰል ከ600 ወደ 800 ብር ሲወጣባት፣ በዚያው የፍላጎት ኩርባ ላይ ወደ ላይ ተንቀሳቅሳ በወር ከሁለት ማዳበሪያ ወደ አንድ ትወርዳለች፤ ይህም የተፈላጊው መጠን ቀነሰ እንጂ ፍላጎት ቀነሰ አያሰኝም። ጥያቄው «ሌሎች ነገሮች ባሉበት ሆነው የቡታጋዝ ዋጋ ቢጨምር» ቢል ኖሮ ግን፣ ከሰሉ 600 ብር እንደሆነ ሦስት ማዳበሪያ ልትፈልግ ስለምትችል፣ የከሰል ፍላጎት ኩርባ ራሱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። እኔን ያሳሳተኝ «አቅርቦት ቀንሶ» የሚለው ሐረግ ነበር።