ግማሹ ከየት መጣ?

«ማስታወቂያ ትንሽ ካልተጋነነ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ገዢውም እኮ እንደተጋነነ ያውቃል።»

ይህን ሰሞኑን በኮዬ ፈጬ ነጋዴዎች ስብሰባ ላይ የተናገሩት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሻጭ ተጨብጭቦላቸዋል። ገዢው የሚያውቅ ከሆነ ታዲያ ቁጥሩን ለማን ነው የጻፉት? የሚያምን ባይኖር ያ ባነር ደጃፋቸው ላይ ሳምንት አይሰነብትም ነበር።

ባነሩ «የሰፈራችን ደንበኛ የመብራት ወጪያቸውን በግማሽ ቀነሱ» ይላል። ደንበኛዋ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «እኔ ያልኩት ‹ጥሩ ነው፣ ካርዱ ቶሎ አያልቅም› ነው። ግማሽ የሚለውን እኔም እዚያው ነው ያነበብኩት» አሉኝ። ለካስ ምጣዱን በገዙበት ወር አንድ ክፍል የተከራየው ልጅ ከነኤሌክትሪክ ምድጃው ለቋል። የመብራት ዋጋ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሒሳብ የሚወደድበት ነው፤ ስለዚህ ተከራዩ ሲወጣ ሒሳቡ ከፍጆታው በበለጠ ይወርዳል። ታሪፉም በየጊዜው ይለወጣል። ብርን ከብር ማወዳደር ስለ ምጣዱ ምንም አይነግረንም ማለት ነው።

ልፋቱ ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ነቅሎ፣ ከቀዝቃዛ ምጣድ ጀምሮ፣ እኩል ቁጥር ያለው እንጀራ ጋግሮ፣ ቆጣሪውን ከጋገራው በፊትና በኋላ ማንበብ። ቁጥሩ እኩል መሆን አለበት፤ ምጣዱ እስኪግል የሚበላው ኃይል ለአሥር እንጀራ ሲካፈል ብዙ፣ ለሠላሳ ሲካፈል ትንሽ ነውና። አሮጌው ምጣድ ገና ማድ ቤት ቆሞ ስለነበር ከጎረቤቴ ጋር በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ 30 እንጀራ ጋግረን ሞከርነው። በአሮጌው በአማካይ 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በአዲሱ 4.8 ሆነ። አንድ አምስተኛ! በእኔ ግምት ይህ ከማንኛውም «ግማሽ» ይሻላል፤ ያልተጨመረበት ምስክርነት ነውና። ባነሩ እንዲህ ሊል ይችል ነበር፦

«አንዲት የኮዬ ፈጬ ደንበኛችን 30 እንጀራ ሲጋግሩ ቆጣሪያቸው በቀድሞው ምጣድ 6፣ በእኛው 4.8 ኪሎዋት ሰዓት አሳየ። የሦስት ጋገራ አማካይ ነው፤ በእርስዎ ቤት ሊለያይ ይችላል።»

የመጨረሻዋ ሐረግ ሽያጭ ታበላሻለች የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያውም የምታስገዛው እሷ ናት እላለሁ! የሚዋሽ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም፤ ገዢዋም ቆጣሪ አላት፣ ማንበብም ትችላለች። «እስከ 50 በመቶ» እያሉ በ«እስከ» ሥር መደበቅም፣ ስም የሌለበት የቴሌግራም መልእክት ፎቶ አንስቶ መለጠፍም ያው ማታለል ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን መከልከሉን ግን እዚያ አዳራሽ ያነሳ አልነበረም።

ጎረቤቴ ባነሩ እንዲነሳ ጠይቀዋል። «ስምዎ የለበትም እኮ» ተባሉ።