የፔክስ ቧንቧ ላይ ጌጁ ትርፍ አይደለም

«በፕሬሸር ተሞክሮ ካላፈሰሰ ጌጅ ምን ያደርጋል? ክሪምፕም ሆነ ኤክስፓንሽን ያው ነው።»

ያው እንኳን አይደለም ወንድሜ። በክሪምፕ ሲገጠም በደንብ ያልተጨመቀ የመዳብ ቀለበት የዛሬውን ሙከራ ሊያልፍ ይችላል፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈራረቅበት ግን ቀስ ብሎ ማንጠብጠብ ይጀምርና፣ ያኔ እዚህ ሐዋሳ እንደ ወርቅ የተገዛውን ሴራሚክ ማፍረስ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለካው። የጌጁ «ጎ» አፍ ቀለበቱ ላይ መግባት አለበት፣ «ኖ-ጎ» ደግሞ እምቢ ማለት አለበት። መጭመቂያው የተወውን ሸንተረር ትተህ ሁለት ቦታ ላይ ሞክር። «ጎ» ካልገባ ልል ነው፤ «ኖ-ጎ» ከገባ ከልክ በላይ ተጨምቋል። ሁለቱም ቢሆን ቆርጠህ በአዲስ ቀለበት ሥራው፣ ደግመህ አትጭመቀው። መጭመቂያውንም አስተካክል፣ አለዚያ ቀጣዩም ያው ነው። ቧንቧው ሰፍቶ ፊቲንጉ በሚገባበት ኤክስፓንሽን ላይ ግን ይሄ ጌጅ ቦታ የለውም፤ እዚያ የምታየው ቧንቧውና ቀለበቱ የፊቲንጉን ትከሻ መንካታቸውን ነው።