«ሜንተር ይሁኑኝ» ላለችኝ ወጣት መሐንዲስ

«ጋሼ፣ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ባለ 7 ፎቅ ሕንፃ ሳይት መሐንዲስ ሆኜ እየሠራሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትና ሳይት ላይ የማየው አልገጥም ብሎኛል፤ የምጠይቀው ሰውም የለኝም። ለአንድ ቀን ሳይሆን ለዓመታት ሜንተር ይሆኑኛል?»

እሺ ልጄ። ግን እንዴት እንደምንዘልቅ ልንገርሽ።

ከዚህ በፊትም እንዲህ የጠየቁኝ ነበሩ። አብዛኞቹን እሺ ብያቸው ከሁለት ስልክ አላለፍንም። «ሥራ እንዴት ነው?» እላለሁ፤ «ደህና ነው ጋሼ» ይሉኛል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ጥፋቱ የእኔም ነበር፣ ምን ይዘው እንዲመጡ አልነገርኳቸውም። አንድ ልጅ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። እሱ የመጣው ሜንተር ሊለምን ሳይሆን አንድ ወረቀት ይዞ ነው።

ወረቀቱ የላቦራቶሪ ውጤት ነበር። የሁለተኛው ፎቅ ኮለኖች ሲሞሉ የተወሰዱ ሦስት የኮንክሪት ናሙና ኩቦች በ28 ቀናቸው ተሰብረዋል፦ 27.1፣ 28.4 እና 26.6 ሜጋ ፓስካል። «ጋሼ፣ ኮንክሪቱ 25 ነው የታዘዘው። አልፏል አይደል?» አለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ «አልፏል» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ያደግሁት በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የሕንፃ ኮድ በኢቢሲኤስ ነው። በእሱ ሲ-25 ሲባል 25ቱ የኩብ ጥንካሬ ነው። ደግነቱ ፕላኑን አምጣ አልኩት። ማስታወሻው ላይ ሲ 25/30 ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ኮድ የፊተኛው ቁጥር የሲሊንደር ናሙና ጥንካሬ፣ የኋለኛው የኩብ ነው። ላቦራቶሪው የሰበረው ኩብ ነው። ስለዚህ መለኪያው 30 ነበር፤ አማካዩ ደግሞ 27.4 አይሞላም። ወድቋል።

ያሳዘነኝ ግን የ7 ቀኑ ውጤት ነው። ኮንክሪት በተለመደው ሲሚንቶ በ7 ቀኑ የ28 ቀኑን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል። የልጁ ውጤት 18 ነበር። ለ25 ሲያሰላው 72 በመቶ ሆነለት፤ ደስ ብሎት ፋይል አደረገው። ለ30 ቢያሰላው 60 በመቶ ነው፣ ያ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ እጁ ላይ ሳለ ሦስተኛው ፎቅ ተሞላ።

ቀጥሎ ኮለኑን ከመወንጀላችን በፊት ኩቦቹን ጠየቅን። ኩብ በበርሜል ውሃ ውስጥ መቆየት ሲገባው ፀሐይ ላይ ከተረሳ ወይም ሲሞላ በደንብ ካልተጠቀጠቀ፣ ደህናውን ኮንክሪት ሊያስወቅስ ይችላል። የሳይት መዝገቡን ገለጥን። ኩቦቹ ውሃ ውስጥ ነበሩ። የዚያን ቀን ገጽ ላይ ግን «ከሰዓት ውሃ ተጨመረ» የሚል የፎርማን ጽሑፍ ነበር፤ ስንት ሊትር እንደሆነ አልተጻፈም። ድብልቁ ሲደርቅባቸው ለማለስለስ ብለው ነው፤ ውሃ ሲበዛ ግን ኮንክሪቱ ይደክማል። የድብልቁን ልልነት የሚያሳየው ስላምፕም አልተለካም።

ልጁ ለአማካሪው መሐንዲስ በጽሑፍ አሳወቀ። ከዚያ በላይ ያለው ሥራ ቆመ። ኮለኖቹ በሽሚት ሀመር ተፈተሹ፤ መዶሻው ደካማው የት እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ ጥንካሬውን አይወስንም። ስለዚህ ደካማ ከመሰሉት ላይ ኮር የሚባለው የኮንክሪት ናሙና ተቆረጠ። ዲዛይነሩ በተገኘው ጥንካሬ መልሶ አሰላው። ሁለት ኮለኖች በተጨማሪ ፌሮና ኮንክሪት ተጠቀለሉ፣ ሌሎቹ ባሉበት ታለፉ። ልጁ ደሞዙን አላጣም፤ ቀድሞ የጻፈው ደብዳቤ ነው ያዳነው።

እንግዲህ ከአንቺም የምፈልገው ይሄን ነው። በወር አንዴ አንድ ጉዳይ ይዘሽ ነይ። የፕላኑን ማስታወሻና የዚያን ቀን የሳይት መዝገብ ገጽ አምጪ። ከሁሉ በላይ ግን አንቺ ምን እንደወሰንሽና ለምን እንደወሰንሽ ጽፈሽ አምጪ። «ምን ላድርግ?» ካልሽኝ የምነግርሽ የእኔን ሳይት ነው፤ አንቺ ያለሽበትን አላየሁትም። «እንዲህ ላደርግ ነው» ካልሽኝ ግን የቱ ጋ እንደተሳሳትሽ ማየት እችላለሁ። አንዳንዴም እኔ ተሳስቼ ታገኚኛለሽ። አዲሱን ኮድ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ያኔ ዝም እንዳትዪኝ።

አንድ የማልችለው ነገር አለ። በስልክ ሆኜ «ሙሉት» አልልሽም። የሙሌት ፈቃድ ላይ የሚፈርመው አማካሪው መሐንዲስ ነው። እኔን ጠቅሰሽ ከእሱ ጋር እንዳትከራከሪ፣ ሁለታችንንም ታስቀይሚያለሽ።

የመጀመሪያው ጉዳይሽ የሚቀጥለው የኮለን ሙሌት ይሁን። ኩቦቹ ላይ ቀኑንና የኮለኑን ቁጥር ጻፊባቸው፣ ስላምፑንም ራስሽ ቆመሽ ለኪ። የ7 ቀኑ ውጤት በወጣ ማግስት ደውይልኝ።