ቶሎ ለሚያጠፉ ሰዎች የቀረበ ውዳሴ

የተጠለፈ የፌስቡክ አካውንቱን በመከራ አስመልሶ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ በቀጥታ ፖስት ማጥፋት የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ሌባው ገና ሳሎን ተቀምጦ እሱ ደጁን ይጠርጋል። ጎረቤት እንዳይታዘበው ነዋ። የሌባውን ነገር በኋላ ይደረስበታል፣ ይሉኝታ ግን አያድርም።

እስቲ አንዱን ጀግናችንን እንየው። ሌባው በስሙ «ገንዘባችሁን በሦስት ቀን እጥፍ አደርጋለሁ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ጓደኞቹን በሙሉ ታግ አድርጓል፣ ለአንዳንዶቹ ደግሞ በሜሴንጀር «ቸግሮኛል፣ ለማታ እመልሳለሁ» ብሎ ጽፏል። ጀግናችን በኢሜይሉ በኩል አካውንቱን አስመለሰ። አዲስ ይለፍ ቃል አስገባ ሲባል የድሮው መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ ጨመረበት። በስሙና በተወለደበት ዓመት ላይ ቃለ አጋኖ! ሌባ ይህንን ሲያይ ደንግጦ ሙያውን እንደሚቀይር መቼም ማንም ያውቃል።

ቀጥሎ ከሌሎች መሣሪያዎች ልውጣ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ጀግናችን ጥያቄ አይወድም፣ አለፈው። ከዚያ ማጥፋት ሆነ ሥራው። ማታውን ሙሉ አጠፋ። ታግ የተደረጉትን እየደወለ ይቅርታ ጠየቀ፣ ደክሞት ተኛ።

ጠዋት ሲነሳ ማስታወቂያዎቹ ተመልሰው ቁጭ ብለዋል።

«ፌስቡክ ተበላሽቷል» አለ። ምንም አልተበላሸም። አንድ ስልክ አንዴ ከገባ በኋላ በየጊዜው ይለፍ ቃል አይጠየቅም፣ የመግቢያ ፈቃዱን ራሱ ይዞ ይቆያል። ያንን ፈቃድ የሚቀማው «ውጣ» የሚለው ትእዛዝ ነው፣ ጀግናችን ያለፈው ማለት ነው። ስለዚህ ሌባው በገዛ ስልኩ እንደተመቸው ውስጥ ነበር። ደግሞ የጠፋ ፖስት ወዲያው አይጠፋም። «Activity log» ውስጥ ባለው «Trash» ለ30 ቀን ይቀመጣል፣ ባለቤቱም መመለስ ይችላል። ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለፌስቡክ ባለቤት ነው። ጀግናችን ሌሊቱን ሲደክም ሌባው የሠራው ሥራ አንዱን ምልክት አድርጎ «Restore» መጫን ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ እህቱ ላማርራችሁ። ታናሹ ናት፣ ጨዋነት ብሎ ነገር አልፈጠረባትም። ሰው ሁሉ እያየ ያ አሳፋሪ ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ እሷ «ጋሼ፣ አሁን አንዱንም አትንካ» ትለዋለች። ምን ያለች ቀዝቃዛ ልጅ ናት?

መጀመሪያ ፌስቡኩን ትታ ኢሜይሉን ከፈተች። የኢሜይሉ ይለፍ ቃል ከፌስቡኩ ጋር አንድ ነበር፣ ያለ ቃለ አጋኖው። ማስተላለፊያው ቦታ ስትገባ ሌባው የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ቅጂው ወደ ራሱ አድራሻ እንዲሄድ አድርጎታል። እስቲ አስቡት፣ ፌስቡክ ለጀግናችን የላከው የመመለሻ ቁጥር ሁሉ ለሁለት ሰው ይደርስ ነበር! ያንን ሰረዘች፣ ለኢሜይሉ ረጅምና የትም ያልተጠቀመበት ይለፍ ቃል ሰጠችው።

ከዚያ ወደ ፌስቡክ ተመለሰች። «Accounts Center» ውስጥ «Password and security»፣ እሱ ውስጥ ደግሞ «Where you're logged in» የሚል አለ። እዚያ የማያውቁት ስልክ ተቀምጧል። የጀግናችንን ስልክ ብቻ አስቀርታ ሌላውን ሁሉ አስወጣች። «Personal details» ውስጥ ደግሞ የእሱ ያልሆነ ኢሜይል ተጨምሯል። ይህ ቢቀር ኖሮ ሌባው ቢወጣም «ይለፍ ቃል ረሳሁ» ብሎ በክብር ይመለስ ነበር። እሱንም አነሳች። «ጋሼ፣ ይሄን ለምን አላየኸውም?» አለችው። እሱ ምን ይመልስ፣ ፖስት እያጠፋ ነበር እኮ።

ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላይ ሲደርሱ ጀግናችን አንድ ታላቅ ንግግር አደረገ። «እኔ ባለሥልጣን ነኝ እንዴ? ማን ምን ሊያደርገኝ?» አለ፣ ከአንድ ሌሊት በፊት የተዘረፈው ሰው። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ቁጥር ከምንም ይሻላል፣ ግን ሲም ካርዱን በስምህ ሌላ ሰው ካወጣው ቁጥሩ ለእሱ ይደርሳል። ስለዚህ ኮድ የሚያወጣ አፕ ጫነችለት። ባለ 6 አኃዙ ቁጥር እዚያው ስልኩ ላይ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል፣ በሲም በኩል አይመጣም። የመጠባበቂያ ኮዶቹን ደግሞ ስልኩ ሲጠፋ እንዲገባባቸው ወረቀት ላይ ጻፈቻቸው። ጀግናችን ግን ዘመናዊ ነው፣ ወረቀት አይወድም። ፎቶ አንስቶ እዚያው ስልኩ ውስጥ አስቀመጣቸው። ስልኩ ሲጠፋ ኮዶቹም አብረው ይጠፋሉ፣ ሥርዓት ያለው ነገር ነው።

ይኼኔ ነው ማጥፋት የተጀመረው። እሷ ግን አሁንም ዝም ብላ አታጠፋም። መጀመሪያ ማስታወቂያዎቹን ከነሰዓታቸው ስክሪንሾት አነሳች። ገንዘብ የላከ ወዳጅ ነገ ለባንክ ወይም ለፖሊስ የሚያሳየው ሌላ ምን አለው? ጀግናችን ማታ ማስረጃውን በሙሉ ሊያጠፋለት ምንም አልቀረውም፣ ደግነቱ ሌባው ራሱ መለሰለት። ለዚህ ሌባውንም ማመስገን ያስፈልግ ይሆን?

ከዚያ «Activity log» ገባች። እዚያ ፖስቱ ብቻ ሳይሆን ሰው ግድግዳ ላይ የተጻፉ ኮሜንቶችም፣ የተጫኑ ላይኮችም ይታያሉ፣ ብዙውን በአንዴ መርጦ መጣል ይቻላል። መጨረሻ ላይ «Trash» ገብታ ያለውን ለዘለዓለም ሰረዘች።

ሜሴንጀር ላይ ግን ጀግናችን ቀድሟት ነበር። «ቸግሮኛል» የሚሉትን መልእክቶች በሙሉ አጽድቻለሁ ብሎ በኩራት አሳያት። እውነትም ከእሱ ስልክ ጠፍተዋል። ከራስ ብቻ የሚያጠፋውን መርጦ ስለነበር ግን ከጓደኞቹ ስልክ ውስጥ አንዱም አልተነቃነቀም። ይባስ ብሎ፣ ሌባው ለማን ምን እንደጻፈ አሁን እሱ ራሱ አያውቅም። ከሁሉም ስልክ የሚነሳው «Unsend» ሲመረጥ ነበር፣ የቀረው መንገድ ለእያንዳንዱ ሰው ደውሎ ገንዘብ ልከሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ፖስቱን ብዙ ሰው ይስቅበታል፣ ገንዘብ የሚያስልከው ግን ይህ የውስጥ መልእክት ነው። ጀግናችን ግን ከሰው ኪስ ይልቅ የግድግዳው መልክ አሳስቦታል፣ ይህም ጨዋነት ነው።

እህቱ ሁሉን ጨርሳ ሄደች። ጀግናችን አንድ ነገር ቀርቶት ነበር፣ መግለጫ። «ውድ ጓደኞቼ፣ አካውንቴ ተጠልፎ ነበር፣ አሁን ግን በእጄ ነው» ብሎ ለጠፈ። ብዙ አልቆየም፣ ከሥሩ አንድ የማያውቀው ሰው ኮሜንት ጻፈ፦ «ወንድሜ አይዞህ፣ የእኔም ተጠልፎ አንድ ባለሙያ ነው ያስመለሰልኝ፣ በውስጥ መስመር አናግረው»። ባለሙያው እጅግ ትሁት ነበር። ሌባው ዳግም እንዳይገባ አካውንቱን ሊያጠናክርለት ፈልጎ፣ ኢሜይሉ ላይ አሁን የሚመጣውን ቁጥርና አፑ ላይ የሚታየውን 6 አኃዝ ብቻ ጠየቀው። «ቶሎ በል፣ ከ30 ሰከንድ በኋላ ይቀየራል» ብሎም አሳሰበው።

ጀግናችን ሰው ማስጠበቅ አይወድም። በ20 ሰከንድ ላከለት።