ማስተካከያ፦ በግምት ስለተሞላ የመብራት ቢል

«በግምት የመጣ ቢል አያሳስብም፤ ቆጣሪው ሲነበብ ልዩነቱ በራሱ ይካካሳል» ብዬ ነበር።

ይህ የሚሠራው ለኪሎዋት ሰዓቱ ድምር እንጂ ለብሩ አይደለም፤ የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው በእርከን የሚጨምር በመሆኑ ነው። በየወሩ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለ3 ወራት በግምት በወር 100 ብቻ ቢሞላለት፣ በ4ኛው ወር ቆጣሪው ሲነበብ የተጠራቀመው 300 ከወሩ 200 ጋር ተደምሮ 500 ሆኖ ይመጣና ከፍ ባለ እርከን ዋጋ ይሰላል፤ ቤተሰቡ ግን በአንድም ወር ያን ያህል አልተጠቀመም።

ስለዚህ በቢሉ ላይ ያለውን የቀድሞና የአሁን ንባብ ቆጣሪው ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር አስተያዩ። አቤቱታችሁም የ4ቱ ወራት ጠቅላላ ፍጆታ ለየወሩ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ወር በየራሱ እርከን እንደገና እንዲሰላ የሚጠይቅ ይሁን፤ የቀደሙትን ቢሎችና ቀኑ የሚታይበትን የቆጣሪውን ፎቶ አያይዙ።